ተከራይቶ ባለዕዳ፦ የድርጅቶች ሪፖርት ላይ ያለችው "የኪራይ ዕዳ" የምትባል መስመር ምን ትነግረናለች?

ቤት ወይም ቢሮ መከራየት ዕዳ ነው እንዴ? ብዙዎቻችን "ወጪ እንጂ ዕዳ አይደለም" ብለን ነው የምንመልሰው። ወሩ ሲደርስ ይከፈላል፣ በቃ። የባንኮችና የትልልቅ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ግን መልሱ ሌላ ነው። አንድ ባንክ ለቅርንጫፍ ብሎ ምድር ቤት ሲከራይ፣ በዚያው ቀን መዝገቡ ላይ ዕዳም ሀብትም ይመዘገባል። ሕንጻው የእሱ አይደለም፣ ገንዘብም አልተበደረም። ግን ሁለቱም ይጻፋሉ።

ይህን ዛሬ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን በቴሌብር ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። ማለትም 9,900 ብር ያለው ማንም ወጣት ስልኩ ላይ ሆኖ መግዛት ይችል ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተመረቀ፤ የባንክ አክሲዮኖችም መመዝገብ ጀመሩ። አክሲዮን የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ሪፖርት ያነባል። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ሳይገባው የሚያልፋቸው ሁለት መስመሮች አሉ፦ "የመጠቀም መብት ሀብት" እና "የኪራይ ዕዳ"።

እነዚህ መስመሮች ከየት መጡ? ቁጥራቸው እንዴት ይሰላል? የት ጋር ሊያሳስቱን ይችላሉ? በአንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንያቸው።

📌 መጀመሪያ "ሊዝ" የሚለውን ቃል እናጥራ

እኛ ሀገር ሊዝ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ከመንግስት በጨረታ የሚወሰድ መሬት ነው። በሂሳብ አያያዝ ግን ቃሉ ሰፋ ይላል። አንድን የተለየ ንብረት ለተወሰነ ጊዜ፣ በክፍያ፣ እንደፈለጉ የመጠቀም መብት የሚሰጥ ውል ሁሉ ሊዝ ነው። የባንክ ቅርንጫፍ ኪራይ ሊዝ ነው፣ የመጋዘን ኪራይ ሊዝ ነው፣ አየር መንገድ የሚከራየው አውሮፕላንም ሊዝ ነው። እኛ እዚህ የምናወራው ስለ ተከራዩ ሂሳብ ነው፤ አከራዩ የራሱ ሌላ ደንብ አለው።

📌 ሕጉ ለምን ተቀየረ?

የድሮው ደንብ አይ ኤ ኤስ 17 ይባል ነበር። በእሱ ጊዜ አብዛኛው ኪራይ እንደ ተራ ወጪ ብቻ ነበር የሚጻፈው። አንድ አየር መንገድ 50 አውሮፕላን ተከራይቶ፣ ለ10 ዓመት ኪራይ ለመክፈል ፈርሞ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ግን አንዷም አውሮፕላን አንዱም ዕዳ ላይታይ ይችል ነበር። ጎረቤቱ ያለው ሌላ አየር መንገድ ደግሞ በብድር ከገዛ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ይታያል። ሁለቱም በየወሩ ይከፍላሉ፣ ሁለቱም መክፈል ካቆሙ አውሮፕላኑን ያጣሉ። ወረቀት ላይ ግን አንደኛው ንጹህ፣ ሌላው ባለዕዳ ይመስላል።

ደንቡን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃዎች ቦርድ ነው። የቦርዱ የቀድሞ ሊቀመንበር ዴቪድ ትዊዲ በዚህ ነገር ይቀልድ ነበር፤ ከመሞቱ በፊት በአየር መንገዱ የሂሳብ መዝገብ ላይ በሚታይ አውሮፕላን መብረር እንደሚመኝ ይናገር ነበር። ቀልዱ ግን ከባድ ነገር ነበረው። ቦርዱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 አዲሱን ደንብ ሲያወጣ፣ በገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ወደ 3.3 ትሪሊዮን ዶላር የሚጠጋ የኪራይ ግዴታ እንዳለባቸው ገምቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ አይታይም ነበር።

አዲሱ ደንብ አይ ኤፍ አር ኤስ 16 ይባላል። በዓለም ደረጃ ስራ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎችን ተቀብላለች፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ስለዚህ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶች በዚህ ደንብ ይሰራሉ። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀው ቀለል ያለ ደረጃ ግን አሁንም በድሮው መንገድ ነው የሚሄደው። የሰፈራችሁ ሱቅ ይህን ሁሉ ስሌት እንዲሰራ ማንም አይጠይቀውም።

📌 "የዛሬ ዋጋ" ማለት ምን ማለት ነው?

የስሌቱ ልብ ይህ ነው። የሚገርመው ግን ሀሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እቁብ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እቁብ ላይ ሁሉም አባል እኩል ይጥላል፣ ሁሉም እኩል ያነሳል። ታዲያ ለምንድነው ሁሉም መጀመሪያ እንዲወጣለት የሚፈልገው? ለምንድነው ቸኩሎ ቀድሞ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ቀነስ አድርጎ ለመውሰድ የሚስማማው? ዛሬ እጅ ላይ ያለ ብርና ከዓመት በኋላ የሚመጣ ብር በቁጥር እኩል ቢሆኑም በዋጋ እኩል ስላልሆኑ ነው። የዛሬው ብር ይነገድበታል፣ ወለድ ይወልዳል።

ኪራይም እንደዚያው ነው። ድርጅቱ ወደፊት የሚከፍለውን ኪራይ ዝም ብሎ ደምሮ ዕዳ ብሎ አይጽፈውም። እያንዳንዱን ክፍያ "ዛሬ ቢሆን ስንት ያወጣል?" ብሎ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦

```
የዛሬ ዋጋ = ክፍያ ÷ (1 + ወለድ)^ዓመት
```

ከ1 ዓመት በኋላ ለሚከፈለው አንዴ ታካፍላላችሁ፣ ከ2 ዓመት በኋላ ለሚከፈለው ሁለት ጊዜ፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። ክፍያው በየወሩ ከሆነ ደግሞ በዓመት ፈንታ ወር፣ በዓመት ወለድ ፈንታ የወር ወለድ ይገባል። ሌላ ልዩነት የለውም።

📌 አሁን በቁጥር እንስራው

አንድ ባንክ እንበል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለቅርንጫፍ የሚሆን ምድር ቤት ለ5 ዓመት ተከራየ። ኪራዩ በዓመት 1,200,000 ብር ነው። የሚከፈለው በየዓመቱ መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሲፈረም ተከፈለ። ለደላላ ደግሞ 120,000 ብር ወጣ። ባንኩ እንዲህ ያለ ንብረት ለማግኘት ቢበደር ወለዱ 20 በመቶ ይሆንበታል ብለን እናስብ።

የመጀመሪያው ክፍያ ስላለቀ ዕዳ አይደለም። የቀሩት አራት ክፍያዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የዛሬ ዋጋቸው ይህን ይመስላል፦

▪️ ከ1 ዓመት በኋላ የሚከፈለው፦ 1,200,000 ÷ 1.2 = 1,000,000 ብር
▪️ ከ2 ዓመት በኋላ የሚከፈለው፦ 833,333 ብር
▪️ ከ3 ዓመት በኋላ የሚከፈለው፦ 694,444 ብር
▪️ ከ4 ዓመት በኋላ የሚከፈለው፦ 578,704 ብር

ድምሩ 3,106,481 ብር ነው። የኪራይ ዕዳ የሚባለው ይህ ነው። ባንኩ ከእጁ የሚወጣው 4,800,000 ብር ነው፤ መዝገብ ላይ ግን የሚጻፈው የዛሬ ዋጋው ነው። በመሀል ያለው 1,693,519 ብር የት ሄደ? ወለድ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ በየዓመቱ ይመጣል።

ራሳችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስልካችሁ ላይ ባለ የሂሳብ ሰንጠረዥ መተግበሪያ ይህን ጻፉ፣ ያው ቁጥር ይመጣል፦

```
=PV(20%,4,-1200000)
```

20% ወለዱ ነው፣ 4 የቀሩት ክፍያዎች ብዛት፣ መጨረሻው ደግሞ አንዱ ክፍያ። የመቀነስ ምልክቱ ገንዘቡ የሚወጣ መሆኑን ነው የሚያሳየው።

አሁን ደግሞ የመጠቀም መብት ሀብት። ባንኩ ሕንጻውን አልገዛም፤ የያዘው ለ5 ዓመት የመጠቀም መብት ነው። ይህ መብት ስንት አወጣበት? ዕዳው 3,106,481፣ ሲፈረም የተከፈለው 1,200,000፣ የደላላው 120,000። ድምር 4,426,481 ብር። ይህ ቁጥር ሀብት ሆኖ ይጻፋል። ዕዳውና ሀብቱ እኩል ያልሆኑት ለዚህ ነው፤ ቀድሞ የተከፈለው ገንዘብና የደላላው ኮሚሽን ሀብቱ ውስጥ አሉ፣ ዕዳው ውስጥ የሉም።

📌 ዓመታቱ ሲያልፉ ምን ይሆናል?

ሀብቱ ቀስ እያለ ይበላል። 4,426,481 ለ5 ሲካፈል በየዓመቱ 885,296 ብር የእርጅና ቅናሽ ይጻፋል። ዕዳው ደግሞ እንደ ባንክ ብድር ነው የሚሄደው፤ ወለድ ይጨመርበታል፣ ክፍያ ይቀነስለታል።

አንደኛው ዓመት ላይ በ3,106,481 ብር ላይ 20 በመቶ ወለድ ሲጨመር ዕዳው 3,727,778 ይደርሳል። ሁለተኛው ዓመት ሲጀምር 1,200,000 ይከፈላል፣ 2,527,778 ይቀራል። በሱ ላይ ደግሞ ወለድ ተጨምሮ፣ ክፍያ ተቀንሶ 1,833,333 ይቀራል። ቀጥሎ 1,000,000። በመጨረሻ ይህ 1,000,000 ብር 200,000 ወለድ ተጨምሮበት 1,200,000 ይሆናል፤ የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ዕዳው ዜሮ ይገባል። ቁጥሩ ልክ ዜሮ ላይ ካልወደቀ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። የሂሳብ ባለሙያዎችም ስሌታቸውን የሚፈትሹት በዚህ ነው።

አሁን ትርፍና ኪሳራ ላይ ምን እንደሚታይ ተመልከቱ። በድሮው መንገድ የባንኩ ወጪ በየዓመቱ እኩል ነበር፤ ኪራዩና የደላላው ድርሻ ተደምሮ 1,224,000 ብር። በአዲሱ ግን የመጀመሪያው ዓመት ወጪ የእርጅና ቅናሽና ወለድ ተደምሮ 1,506,592 ብር ነው። አምስተኛው ዓመት ላይ ወለድ ስለሌለ 885,296 ብር ብቻ ይሆናል።

የ5 ዓመቱ ድምር በሁለቱም መንገድ ያው 6,120,000 ብር ነው። ከካዝና የሚወጣው ገንዘብም አልተቀየረም፣ አከራዩም ምንም አልተጨመረለትም። የተቀየረው ወጪው የሚታይበት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይ ይቀላል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ቅርንጫፍ የከፈተ ባንክ ትርፉ ላይ የኪራይ ጫና ከበድ ብሎ ቢታይ ሁሌ የድክመት ምልክት አይደለም። ውሎቹ አዲስ ስለሆኑም ሊሆን ይችላል።

የተገላቢጦሹም አለ። አንዳንድ ኩባንያዎች፣ በተለይ የቴሌኮምና የአየር መንገድ ኩባንያዎች፣ "ከወለድና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለ ትርፍ" የሚባል ቁጥር ማሳየት ይወዳሉ። ኪራይ ድሮ ከዚህ ቁጥር በፊት ይቀነስ ነበር። አሁን ግን ኪራይ ራሱ ወደ እርጅና ቅናሽና ወለድ ስለተቀየረ ከቁጥሩ በታች ወረደ። ስራው ምንም ሳይሻሻል ቁጥሩ አደገ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ስታዩ ከአዲሱ ደንብ በፊት ከነበሩ ዓመታት ጋር አታወዳድሩት።

📌 የት ጋር ያሳስታል? ሦስት ቦታዎች

🔸 አንደኛ፣ የውሉ ዘመን።

ደንቡ ዘመኑ 12 ወርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ የመግዛት አማራጭ ለሌለው ኪራይ ነጻ ይሰጣል፤ ድርጅቱ ከፈለገ እንደ ተራ ወጪ ብቻ መጻፍ ይችላል። በዚህ ቀዳዳ ለመሹለክ የሚሞክር አይጠፋም። ወረቀቱ ላይ "1 ዓመት፣ በስምምነት ይታደሳል" ይላል። ግን ባንኩ ውስጡን አፍርሶ ሰርቷል፣ ካዝና ገጥሟል፣ ኤ ቲ ኤም ተክሏል፣ ደንበኛ አልምዷል። ይህ ባንክ በ12ኛው ወር ጥሎ ይወጣል?

የደንቡ ተርጓሚ ኮሚቴ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይህን ጥያቄ መልሶታል። የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያለው ቅጣት ብቻ ሳይሆን፣ ጥሎ መውጣት በጠቅላላ የሚያስከትለው ኪሳራ ነው። የተሰራው የውስጥ ግንባታም ይቆጠራል። ስለዚህ ዘመኑ 1 ዓመት ሳይሆን ባንኩ በእርግጠኝነት ሊቆይ ይችላል የሚባለው ጊዜ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በእኛ ምሳሌ 1 ዓመት ከተባለ ዕዳው ዜሮ ነው። 5 ዓመት ከተባለ 3,106,481 ብር ነው። እንዲህ ዓይነት 100 ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ላይ ከ310 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ ዕዳ መታየቱና አለመታየቱ በዚህች አንድ ግምት ላይ ይንጠለጠላል።

🔸 ሁለተኛ፣ ወለዱ።

20 በመቶ ያልነው ከየት መጣ? ደንቡ መጀመሪያ አከራዩ ውሉ ውስጥ የያዘውን ወለድ ተጠቀሙ ይላል። ግን የሕንጻ ባለቤት ይህን ለተከራይ አይናገርም፤ ብዙ ጊዜ ራሱም አስልቶት አያውቅም። ስለዚህ ድርጅቶች ሁለተኛውን መንገድ ይይዛሉ፦ ለተመሳሳይ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ዋስትና፣ ተመሳሳይ ዋጋ ላለው ንብረት ብንበደር ስንት ወለድ እንከፍል ነበር?

ባንኮች ላይ ጥያቄው ጠመዝመዝ ይላል። የሚፈለገው ባንኩ ደንበኛውን የሚያስከፍለው ወለድ አይደለም፤ ራሱ ተበዳሪ ቢሆን የሚከፍለው ነው። ሁለቱን ማምታታት ቁጥሩን ያዛባል። በእኛው ምሳሌ ወለዱን ከ20 ወደ 12 በመቶ ብናወርደው ዕዳው ከ3,106,481 ወደ 3,644,819 ብር ይዘላል። ውሉ ያው፣ ሕንጻው ያው፣ ልዩነቱ ግን 538,338 ብር። ይህን አስታውሱ፦ ወለዱ ከፍ ሲል ዕዳው ያንሳል፣ ወለዱ ዝቅ ሲል ዕዳው ይጨምራል። አነስ ያለ ዕዳ ማሳየት የሚፈልግ ከፍ ያለ ወለድ ይመርጣል። ኦዲተር መጀመሪያ "ይህን ወለድ ከየት አመጣችሁት?" የሚለው ለዚህ ነው።

🔸 ሦስተኛ፣ ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ።

ይቺ የእኛ ሀገር ነገር ናት። እዚህ አከራይ የአንድ ወር ኪራይ ተቀብሎ ዝም አይልም። የዓመት፣ የሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም የሙሉውን ውል ክፍያ በአንዴ ይጠይቃል። ባንኩ የ5 ዓመቱን 6,000,000 ብር ሲፈርም ከከፈለ ወደፊት የሚከፍለው የለም። የኪራይ ዕዳው ዜሮ ነው። የመጠቀም መብት ሀብቱ ግን 6,000,000 እና የደላላው 120,000 ብር ይሆናል።

ስለዚህ የአንድ ኢትዮጵያዊ ባንክ ሪፖርት ላይ የመጠቀም መብት ሀብቱ በጣም ትልቅ፣ የኪራይ ዕዳው ግን በጣም ትንሽ ሆኖ ብታዩ ግራ አይግባችሁ። ኪራይ ረክሶለት አይደለም፤ ገንዘቡ ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው። "ዕዳ የለበትም፣ ጎበዝ" ከማለታችን በፊት ያ ብር ብድር ሆኖ ቢሰጥ ስንት ወለድ ያመጣ ነበር የሚለውን ማሰብ አለብን። አምስት ዓመት ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ለባንኩ አይሰራም፣ ለሕንጻው ባለቤት ነው የሚሰራው።

📌 ዶላር ሲገባበትስ?

እስካሁን ያየነው ሁሉ በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120 ብርን አለፈ። ሂሳቡን በብር የሚሰራ፣ ኪራዩን ግን በዶላር የሚከፍል ድርጅት ምን ይሆናል?

የኪራይ ዕዳው 100,000 ዶላር ነው እንበል። ድሮ መዝገቡ ላይ 5,700,000 ብር ነበር። ዶላሩ 120 ብር ሲገባ ያው 100,000 ዶላር 12,000,000 ብር ይሆናል። 6,300,000 ብር ዕዳ ተጨመረ። አንድ ካሬ ሜትር እንኳን ተጨማሪ ቦታ አልተከራየም።

ነገሩን የሚያከፋው የሀብቱ በኩል ነው። የኪራይ ዕዳ የሚከፈል ገንዘብ ስለሆነ ሪፖርት በተዘጋጀ ቁጥር በዕለቱ ምንዛሬ እንደገና ይተመናል። የመጠቀም መብት ሀብቱ ግን መጀመሪያ በተመዘገበበት ምንዛሬ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ዕዳው ከእጥፍ በላይ ሲሆን ሀብቱ አይነቃነቅም። ልዩነቱ በቀጥታ የምንዛሬ ኪሳራ ሆኖ ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይገባል። በ2017 ሪፖርቶች ላይ ትልቅ የምንዛሬ ኪሳራ ያለበት ድርጅት ካያችሁ፣ ሁሉም ከባንክ ብድር የመጣ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። የተወሰነው በዶላር ከተፈረመ ኪራይ ሊሆን ይችላል።

📌 ሪፖርቱን ስልክ ላይ ከፍታችሁ ምን ትፈልጋላችሁ?

የኛ ሀገር ድርጅቶች ዓመታዊ ሪፖርት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ፋይሉን ከፍታችሁ መፈለጊያው ላይ እነዚህን ጻፉ፦

```
right-of-use
lease liabilit
incremental borrowing
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሀብቱንና ዕዳውን ያመጡላችኋል። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጋችሁ እዩ። ሀብቱ ከዕዳው በብዙ ከበለጠ ኪራዩ ቀድሞ ተከፍሏል። ተቀራራቢ ከሆኑ ድርጅቱ እየተጠቀመ በየጊዜው የሚከፍል ነው። ዕዳው ከሀብቱ በግልጽ ከበለጠ ደግሞ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ ወይ የዶላር ውል አለ፣ ወይ ንብረቱ ዋጋው ወድቋል ተብሎ ሀብቱ ተቀንሷል፣ ወይም ሀብቱ ከዕዳው ቀድሞ እያለቀ ነው።

ሦስተኛው ፍለጋ የተጠቀሙበትን ወለድ ያሳያችኋል። ወለዱን ካልጻፉት ሌላ መንገድ አለ። ማብራሪያዎቹ ውስጥ የሚከፈለው ኪራይ በየዓመቱ ተዘርዝሮ፣ ወደ ዛሬ ዋጋ ሳይቀየር የሚቀርብበት ሰንጠረዥ አለ። በእኛ ምሳሌ እዚያ የሚታየው 4,800,000 ነው፣ መግለጫው ላይ ያለው ግን 3,106,481። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ ወይ ወለዱ ከፍ ያለ ነው፣ ወይ ውሎቹ ረጅም ናቸው።

በመጨረሻ የአጭር ጊዜ ኪራይ ወጪ የሚለውን ተመልከቱ። ደንቡ ይህን ለብቻው እንዲገልጹ ያስገድዳል። መቶ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት አብዛኛው ኪራዩ "የአጭር ጊዜ" ተብሎ እዚያ ከተቀመጠና ቅርንጫፎቹ ደግሞ ከዓመት ዓመት ያው ቦታ ላይ ከሆኑ፣ ወረቀቱና መሬት ላይ ያለው ነገር አልተገናኙም። በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ እጅ አውጥቶ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ "እነዚህ ቅርንጫፎች በእውነት በዓመት ውስጥ ይለቀቃሉ? ካልተለቀቁ ዕዳቸው የት አለ?"

አክሲዮን የያዛችሁ ካላችሁ የድርጅታችሁን ሪፖርት ከፍታችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። ሀብቱ ስንት፣ ዕዳው ስንት? ቀድሞ የከፈለ ነው ወይስ እየከፈለ ያለ? አብረን እናነበዋለን።